ሲቪዬ ላይ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር

20 ቦታ አመለከትኩ፤ የጠራኝ የለም። ሲቪዬን እንደገና ሳየው ችግሩ ገባኝ። የሠራሁትን ሁሉ ታች ቀብሬዋለሁ። የበጎ ፈቃድ ሥራዬ እንኳ «በበጎ ፈቃድ ተሳትፌያለሁ» በምትል አንዲት መስመር አልፏል።

«የሥራ ልምድ» የሚለውን ርዕስ አጥፍቼ «ፕሮጀክቶችና የበጎ ፈቃድ ሥራ» አልኩት፤ ከትምህርት ቀጥሎም አስቀመጥኩት። ያቺ መስመር እንዲህ ሆነች፦

«የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ያዥ (በጎ ፈቃደኛ)፣ 5 ወር። 600 መጻሕፍትን ከወረቀት መዝገብ ወደ ኤክሴል አስገባሁ፤ ሁለቴ የተመዘገቡ 40 መጻሕፍትን ለየሁ።»

ቅንፉን እንዳትረሱት። ደመወዝ ይከፈለኝ የነበረ ካስመሰልኩ፣ ሲያጣሩ ጉድ ይፈላል።

የመመረቂያ ፕሮጀክቱን አራት ሆነን ነው የሠራነው። «ሠራን» የሚለውን አውጥቼ የራሴን ድርሻ ብቻ ጻፍኩ፦ መጠይቁን ማዘጋጀትና መልሶቹን መተንተን። ከኮርሶች ደግሞ ማስታወቂያው ከሚጠይቀው ጋር የሚገናኙ ሦስት ብቻ አስቀረሁ። ለሌላ ማስታወቂያ ሦስቱም ሊቀየሩ ይችላሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ወዲህ ካመለከትኩባቸው 8 ቦታዎች ሁለቱ ጠሩኝ። አንደኛው ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ «40ዎቹን እንዴት ለየሃቸው?» የሚል ነበር። በርዕስና በደራሲ ደርድሬ፣ አጠራጣሪዎቹን መደርደሪያው ላይ ሄጄ እንዳየሁ ነገርኳቸው።