የካቲት 23 ለምን ማርች 2 ላይ ይውላል? የጳጉሜን 6 ሒሳብ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ማርቆስ ያለ ወዳጄ ስለ አድዋ ሲያነብ ግራ ገባው። መጽሐፉ ጦርነቱ የተደረገው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። እኛ የምናከብረው የካቲት 23 ግን ሁልጊዜ ማርች 2 ላይ ነው። "ታዲያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው የተዋጉት በየትኛው ቀን ነው?" አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ መንስኤውን እንያዝ። ምድር ፀሐይን አንዴ ለመዞር 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ትርፉን በአራት አባዙት፤ 23 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለዚህ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን እንጨምራለን፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

የእኛን ለማወቅ ዓመቱን ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ናት። 2015ን ብንወስድ 503 ደርሶ 3 ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የፈረንጁን ለምዶ ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ችግሩ። የጎደለው 23 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ሳለ እኛ የጨመርነው 24 ሰዓት ነው። በየአራት ዓመቱ 45 ደቂቃ አበዛን ማለት ነው። በ400 ዓመት ውስጥ ይህ መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ 75 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ከሦስት ሰዓት ይሆናል።

ፈረንጆቹ በ1582 ያስተካከሉት ይህንኑ ነው። ከየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ይቀንሳሉ። ደንቡ ቀላል ነው፦ በ00 የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። 2000 ለ400 ይካፈላል፤ 29ኙ ነበረው። 1900 ግን 300 ይቀረዋል፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪ በ28 አለቀ። (የቀረችው ሦስት ሰዓት አንድ ቀን የምትሞላው ከ3,200 ዓመት በኋላ ነው፤ እሷን የሚያስብ ያስብ።)

የወዳጄ እንቆቅልሽ እዚህ ይፈታል። የእኛ አቆጣጠር የመቶ ዓመት ደንብ የለውም። በ1900 እነሱ አንድ ቀን ሲዘሉ እኛ አልዘለልንም። ከዚያ በፊት ማርች 1 ላይ ይውል የነበረው የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ወደቀ። 2100ም ለ400 አይካፈልም፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአድዋ በዓል ማርች 3 ይሆናል፣ በ2101 ደግሞ ገና ከጃንዋሪ 7 ወደ 8 ይሸጋገራል።

ይህን ለአንድ የኔታ ብነግራቸው "ታዲያ አደዩስ?" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አደይ አበባ የምትከተለው ዝናቡን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። የእኛ መስከረም በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ወደ በጋው ይገፋል። እንዲህ ከቀጠለ እንቁጣጣሽ ዛሬ ኅዳር በምንለው ወቅት የሚውለው ከ7,600 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ የጎጃም ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አደዩ ረግፎ ይጠብቃቸዋል።