ልጅ ቶንሲሉ ከወጣ በኋላ፦ በኮዴይንና በትራማዶል ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2009 እ.ኤ.አ. በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ታሪክ አለ። ልጁ የሁለት ዓመት ወንድ ነው። ክብደቱ 13 ኪሎ። ሌሊት ያንኮራፋል፣ በእንቅልፉ መሀል ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ለዚህ ብለው ቶንሲሉንና ከአፍንጫው ጀርባ ያለውን ሥጋ፣ አዴኖይዱን፣ በኦፕራሲዮን አወጡለት። ለሕመሙ ፓራሲታሞልና ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ታዞለት ቤቱ ገባ። መጠኑ በጊዜው ከተለመደው አልበለጠም ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ትኩሳት ያዘው፣ ትንፋሹም ያፏጭ ጀመር። ጠዋት ሲያዩት ሕይወቱ አልፏል። ደሙ ሲመረመር ለትንሽ ልጅ አደገኛ የሆነ የሞርፊን መጠን ተገኘ።

ሞርፊን ግን ማንም አልሰጠውም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ስህተት 1፦ «ኮዴይን ቀላል ማስታገሻ ነው» ብሎ ማመን

ብዙ ሰው ኮዴይንን የሚያውቀው በሳል ሽሮፕ ነው። ስለዚህ አይፈራውም። ኮዴይን ራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ በጣም ትንሽ ነው። ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ገብቶ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። የሚቀይረው CYP2D6 የሚባል ኢንዛይም ነው።

ይህ ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ኢንዛይሙን የሚያሠራው ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ኮዴይኑን ቶሎ ቶሎ ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። እናቱ የሰጠችው ልኩን ነው፣ ሰውነቱ የሚያገኘው ግን ከልክ ያለፈ ሞርፊን ነው። ያ የ13 ኪሎው ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ምንም አይቀይርም፤ ቢሰጠውም ባይሰጠውም ሕመሙ ያው ነው።

ስንቱ ሰው ፈጣን እንደሆነ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያል። በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት ግን ከመቶ 29 ያህሉ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። ልጅን ከውጭ አይቶ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ መለየት አይቻልም።

ስህተት 2፦ «እንግዲያው ትራማዶል ይሻላል» ማለት

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ትራማዶል በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ስለማይጠፋ ነው። አባት ለወገቡ የታዘዘለት ኪኒን ይተርፋል። ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ «ግማሿን ብሰጠውስ?» ይባላል።

ትራማዶልም የሚያልፈው በዚያው በCYP2D6 በኩል ነው። ኢንዛይሙ ከትራማዶሉ የበለጠ ጠንካራ የሆነ ሌላ ንጥረ ነገር ያወጣል። ፈጣን በሆነ ልጅ ላይ እንደ ኮዴይኑ ሁሉ ትንፋሽን ያዘገያል። ከዚህ በላይ ትራማዶል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ግማሽ ወይም ሩብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም፤ ግማሹ ምን ያህል ተቀይሮ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ ከልክሏል። ቶንሲሉ ወይም አዴኖይዱ ለወጣለት ልጅ ክልከላው እስከ 18 ዓመት ይደርሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌሊት ትንፋሹ የሚቋረጥበት ልጅ ለሞርፊን መሰል መድኃኒት ሰውነቱ ይበልጥ ስስ ነው። ቶንሲሉ ስለወጣ ደግሞ ትንፋሹ በዚያው ሌሊት አይስተካከልም። ጉሮሮው አብጧል፣ ማንኮራፋቱ ለጥቂት ቀናት ይቀጥላል።

ስህተት 3፦ ፓራሲታሞልን ልጁ ሲያለቅስ ብቻ መስጠት

«ፓራሲታሞል ሞክረን አልሠራም» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ስትጠይቋቸው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ አንሷል፣ ወይም የሰጡት ሕመሙ ከበረታ በኋላ ነው። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ አንዴ ሕመሙ ከጠናበት መዋጥ እንቢ ይላል። ካልዋጠ መድኃኒቱም ውሃውም አይገባም። በዚያ ላይ ውሃ ሲያጣ ሕመሙ ይብሳል።

መፍትሔው በሰዓት መስጠት ነው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ልጁ ባያለቅስም። የቶንሲል ሕመም ሁለተኛው ቀን ላይ አያበቃም። ቁስሉ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ሲላቀቅ፣ ሳምንት ሲሞላ አካባቢ፣ እንደገና ሊያገረሽ ይችላል።

መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። 16 ኪሎ የሚመዝን፣ ሌላ በሽታ የሌለበት ልጅ እንውሰድ። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለኪሎ 15 ሚሊግራም ነው። 15 በ16 ሲባዛ 240 ሚሊግራም ይሆናል። ሽሮፑ ላይ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከተባለ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን አራት ጊዜ። አይቡፕሮፌን ደግሞ ለኪሎ 10 ሚሊግራም ነው፣ ስለዚህ 160 ሚሊግራም። «100 ሚሊግራም በ5» ከሆነ 8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየስምንት ሰዓቱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።

በሰዓት ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ፓራሲታሞል ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት። አይቡፕሮፌን ጠዋት 2፣ ቀን 10 እና ሌሊት 6 ሰዓት። ሌሊት ሁለቱ ስለሚገጥሙ ልጁን አንዴ መቀስቀስ ይበቃል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እያንዳንዱን ከሰጣችሁ በኋላ ምልክት አድርጉ። እናትና አባት ሳይነጋገሩ ሁለቴ የሚሰጡት እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ሽሮፑን የምትለኩትም በሲሪንጅ ይሁን፣ የቤት ማንኪያ ትልቅና ትንሽ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥርም ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ ስሌቱን ፋርማሲስቱ አንዴ ቢያይላችሁ ጥሩ ነው። የጉንፋን ሽሮፕ አብራችሁ አትስጡ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው።

ስህተት 4፦ አይቡፕሮፌንን «ያደማል» ብሎ ጨርሶ መተው

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ቢሆንም የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከቶንሲል ኦፕራሲዮን በኋላ የሚመክረው አይቡፕሮፌንን፣ ፓራሲታሞልን ወይም ሁለቱንም ነው። ልጁ የደም መርጋት ችግር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት፣ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ አስሙ በዚህ መድኃኒት የሚነሳበት ከሆነ ግን አይሰጥም። እያስመለሰው ውሃ መጠጣት ካቃተውም እንዲሁ። አስፕሪን በአይቡፕሮፌን ቦታ አይተካም።

ሁለቱም በልኩና በሰዓቱ ተሰጥተው ካልበቁ ሐኪም ቤት ተመለሱ። እዚያ ትንሽ ሞርፊን ቢሰጠው እንኳ ይሻላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። ሞርፊን ግን ኢንዛይሙ እስኪቀይረው አይጠብቅም፤ ሐኪሙ የሰጠውን ያህል ያውቃል፣ የልጁ ትንፋሽና ኦክስጅንም ይታያል።

ስህተት 5፦ «ተመስገን፣ ተኛ» ብሎ መተው

ኮዴይን ወይም ትራማዶል ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ሁለተኛ አትድገሙ። ልጁን ቀስቅሱት። ጤነኛ እንቅልፍ የተኛ ልጅ ይነጫነጫል፣ ፊቱን ያዞራል። ተነቃንቆ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም ቆም እያለ የሚመለስ፣ ከወትሮው በተለየ የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ልጅ አደጋ ላይ ነው። በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ እስኪደርስ ስሙን እየጠራችሁ ነቅንቁት። መተንፈስ ካቆመ ትንፋሽ ስጡት። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ቤት ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። ኃይሉ ከሞርፊኑ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ልጁ ቢነቃም ለሰዓታት እዚያው ሆኖ መታየት አለበት።