የፓወር ባንክ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል? ገዢው ቤቱ ሲደርስ የማይፈርስ ቃል

ቴሌግራም ላይ ፓወር ባንክ የሚሸጥ ቻናል የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው፤ 20,000፣ 30,000፣ አንዳንዴም 50,000 ሚሊአምፒር። ከሥሩ «ስልክዎን 10 ጊዜ ይሞላል» የሚል ይከተላል። ይህን ቃል ለመፈተን ገዢው ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። መብራት በጠፋ ዕለት ስልኩን ሰክቶ ስንት ጊዜ እንደሞላለት ይቆጥራል፣ በቃ።

ታዲያ አብዛኛው ገዢ ዕቃውን ይዞ አይመለስም። ለዚያች ብር ብሎ ታክሲ ተሳፍሮ አይከራከርም። ሁለተኛ አይገዛም፣ ጓደኛው «ከየት ልግዛ?» ሲለው ደግሞ «ከእነሱ ብቻ እንዳትገዛ» ይላል። ሻጩ ቅሬታ ስላልሰማ ሁሉም ደህና ይመስለዋል፤ ገበያው ቀዝቅዞ ሲያገኘው «ሰው ገንዘብ የለውም» ይላል። ስለዚህ የቅሬታ ማነስን እንደ ምስክር አይቁጠሩት።

1. የሚያውቁትንና የሰሙትን ይለዩ። ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንዱ እርስዎ ራስዎ ያረጋገጡትን፣ በሌላው ካርቶኑ ወይም አስመጪው የሚለውን ይጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ያለ ነገር ሳይፈተሽ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም።

2. አቅሙን ወደ ስልክ ሙሌት ይቀይሩ። ብዙ ሻጭ ሳያስበው የሚዋሸው እዚህ ጋ ነው። 20,000 ሚሊአምፒርን ለስልኩ ባትሪ 5,000 ያካፍልና «4 ጊዜ ይሞላል» ይላል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው 20,000 የውስጠኛው ባትሪ አቅም ነው፤ እሱም የተለካው በ3.7 ቮልት ነው። ገመዱ የሚያወጣው ደግሞ 5 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪት ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ ስልኩም ሲቀበል ጥቂት ያባክናል። ፓወር ባንክም ስልክም ሲሞላ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ባትሪው የሚይዘውን ኃይል ቮልቱን ጨምሮ በዋት ሰዓት ማስላት ነው። 20,000 ሲባዛ በ3.7፣ ሲካፈል ለ1,000፣ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ 15 በመቶ ያህሉ በሰርኪቱ ይባክናል ብንል ወደ 63 ይቀራል። 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለው ስልክ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። ስልኩ ራሱ የሚያባክነው ሲታሰብ ውጤቱ 3 ጊዜ ገደማ ነው። ዕቃው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ «4 ጊዜ» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ቃል ሲሸጥ እንዲህ ይበላሻል።

ጨዋ አምራቾች ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ሁለተኛ ቁጥር ያትማሉ፤ ለ20,000 አብዛኛውን ጊዜ 12,000 አካባቢ። ይህ በ5 ቮልት የሚወጣው አቅም ነው። ካለ እሱንም ማስታወቂያው ላይ ያድርጉት፤ ገዢው ቤቱ ሄዶ ራሱ አንብቦት ከሚደነግጥ እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል።

3. ይመዝኑት። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለው ክብ ባትሪ አንዱ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ አቅሙም ቢበዛ 3,500 ሚሊአምፒር ያህል ነው። 20,000 ለመድረስ ቢያንስ 6 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ባትሪው ብቻ 270 ግራም ማለት ነው። ሽፋኑና ሰርኪቱ ሲጨመር ከ300 ግራም በታች የሆነ «20,000» አጠራጣሪ ነው። 50,000 ተብሎ ኪስ የሚገባና ቀለል የሚል ከሆነ ሳይከፍቱት ይመልሱት።

50,000 የሚለው ቁጥር ሌላም መዘዝ አለው። ገዢው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ከሆነ፣ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት በእጅ ሻንጣ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ከ160 በላይ ጭራሹን አይፈቀድም፤ 50,000 ደግሞ 185 ይሆናል። ፈታሹ የሚያነበው የተጻፈውን ስለሆነ፣ ውስጡ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ፓወር ባንክ በውሸት ቁጥሩ ይወረሳል።

4. ይለኩት። ከገባው ዕቃ ከተለያየ ካርቶን ሁለት ሦስት ፍሬ ይውሰዱ። ኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች ውስጥ የሚገኘውን አነስተኛ የዩኤስቢ መለኪያ ይግዙ፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ወጪ የለም። ፓወር ባንኩን ሙሉ ቻርጅ አድርገው በመለኪያው በኩል ስልኮችን እየቀያየሩ እስኪዘጋ ያሟጡት። ስልክ ሊሞላ ሲል የሚስበው ስለሚያንስ ፓወር ባንኩ «ማንም አልተሰካም» ብሎ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ዕቃው አለቀ ብለው እንዳይመዘግቡ፣ ስልኩን 80 በመቶ ሲደርስ ይቀይሩ። መጨረሻ ላይ የዋት ሰዓቱን ያንብቡ። ለ20,000 ከ60 እስከ 67 ካገኙ ጤነኛ ነው። 30 ካገኙ የያዙት 10,000 ነው፤ በ10,000 ስምና ዋጋ ይሽጡት ወይም ይመልሱት።

5. ይጻፉት። ለምሳሌ፦ «20,000 ሚሊአምፒር (74 ዋት ሰዓት)። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ 3 ጊዜ ገደማ ይሞላል። በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ፈጣን ቻርጅ 22.5 ዋት፣ ስልክዎ የሚቀበለው ከሆነ፤ ሁለት ስልክ አንድ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ዋጋው ይህን ያህል ብር።» ዋጋውን ይጻፉ። «በውስጥ መስመር» የሚለው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ዋጋ ለመጥራት ያመቻል፣ ሁለት ገዢዎች ሲገናኙ ግን ይጋለጣል።

«ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ከየት እንደመጣ ማሳየት ካልቻሉ ይተዉት። የተሰረዘ ዋጋ የሚያስቀምጡት በዚያ ዋጋ በእርግጥ ሸጠው ከነበረ ብቻ ነው። «ጋራንቲ አለው» ብቻ ማለትም አይበቃም፦ ለስንት ወር፣ ምን ሲበላሽ፣ ቅያሪ ነው ወይስ ጥገና፣ ማን ያመላልሰዋል? ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እንዲሁም በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ መሆኑንም ይወቁ።

6. ስህተት ሲገኝ። ፖስቱን በድብቅ አጥፍተው ሌላ አይለጥፉ፤ የድሮው ስክሪንሾት የሆነ ሰው ስልክ ላይ አለ። እዚያው ፖስት ላይ «20,000 ያልነው ሲለካ 10,000 ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ያርሙ፣ ለገዙት በስማቸው ይጻፉላቸው፣ ከዚያ ልዩነቱን መመለስ ወይም መቀየር ምርጫውን ለእነሱ ይስጡ። ወጪው ያማል። ግን ስንት ፍሬ እንደሸጡ ያውቃሉና ወጪው የታወቀ ነው፤ የጠፋ ደንበኛን ግን ማንም አይቆጥረውም።

7. በየዙሩ ይድገሙት። ባለፈው ዙር የተለካ ዕቃ ለዚህኛው ዙር ማረጋገጫ አይሆንም። ሽፋኑ፣ ካርቶኑና ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ያለው ባትሪ በርካሽ ሊተካ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚከሰተውም አስመጪው ዋጋ ሲቀንስልዎት ነው። ደብተር ይያዙ፦ የገባበት ቀን፣ ክብደት፣ የተለካው ዋት ሰዓት፣ ስንት ፍሬ እንደተመለሰና በምን ምክንያት። ክብደቱ ከባለፈው በ30 ወይም በ40 ግራም ካነሰ ማስታወቂያውን አቁመው እንደገና ይለኩ።