ሾርት ስፕሬድ በግማሽ ትርፍ ወይም በተወሰነ ኪሳራ ራሱ እንዲዘጋ እንዴት ይደረጋል?

የኒውዮርክ ገበያ ሲከፈት እኔ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡30 ይከፈታል። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 11፡30 ይሆናል። የሚዘጋው ከምሽቱ 5 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት ስልክ ላይ ማፍጠጥ አይቻልም። ቢቻልም ጥሩ አይደለም፤ ቁጥር ሲያይ የሚያመሽ ሰው መንካት የሌለበትን ይነካካል። ስለዚህ መውጫዬን ቀድሜ ለብሮከሩ አስረክባለሁ።

እኔ የምሠራው በልምምድ ሂሳብ ነው። ዶላር ወደ ውጭ ማውጣት የራሱ ሕግ ያለው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እሱን እንተወው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። XSP የS&P 500 ኢንዴክስ አንድ አስረኛ ነው፤ 600 ላይ ቆሟል እንበል። ፑት ማለት ኢንዴክሱ ከተወሰነ ዋጋ በታች ከወረደ ለያዘው ሰው ልዩነቱን የሚያስገኝ ውል ነው። ሊያበቃ 45 ቀን የቀረውን የ580 ፑት ሸጥን፤ ለመከላከያ የ575ቱን ገዛን፤ ሾርት ስፕሬድ የምንለው ይህን ጥንድ ነው። ከሁለቱ ልዩነት 1.00 ተቀበልን። አንድ ውል በ100 ስለሚባዛ እጃችን የገባው 100 ዶላር ነው። ከዚህ በላይ ማትረፍ አይቻልም። በሁለቱ የውል ዋጋዎች፣ በስትራይኮቹ፣ መካከል ያለው ስፋት 5 ነጥብ ስለሆነ የከፋው ኪሳራ 400 ዶላር ነው። XSPን የመረጥኩት በጥሬ ገንዘብ ስለሚወራረድና ገዢው ከማብቂያው ቀን በፊት ውሉን ሊያስፈጽምብን ስለማይችል ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዋጋዎች አስሉ

የትርፉ ቀላል ነው። የተቀበልነው 1.00 ከሆነ ስፕሬዱን በ0.50 መልሰን ስንገዛ ግማሹ ትርፍ፣ 50 ዶላር፣ የእኛ ይሆናል።

ችግሩ ኪሳራው ላይ ነው። “ሁለት እጥፍ ላይ እዘጋለሁ” ሲሉ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ሊያስቡ ይችላሉ። አንዱ የስፕሬዱ ዋጋ የተቀበልነው እጥፍ ሲሆን ማለቱ ነው፦ በ2.00 ይገዛል፣ 100 ዶላር ይከስራል። ሌላው ኪሳራው የተቀበልነው እጥፍ ሲሆን ማለቱ ነው፦ በ3.00 ይገዛል፣ 200 ዶላር ይከስራል። ብሮከሩ ስቶፑን፣ ማለትም ኪሳራ ላይ የሚዘጋውን ትዕዛዝ፣ በመቶኛ እንድትሞሉ ከጠየቃችሁ የቱን እንደሚቆጥር አረጋግጡ። እኔ መቶኛውን ትቼ ዋጋውን ራሱን እጽፋለሁ። በዚህ ምሳሌ የምንይዘው 3.00ን ነው።

ቁጥሩን ከስፋቱ ጋር አስተያዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በዚያው 5 ነጥብ ስፋት 1.60 ተቀበልን እንበል። ሁለት እጥፍ ኪሳራ ማለት 4.80 ላይ መግዛት ነው። ስፕሬዱ ደግሞ ከ5.00 በላይ ዋጋ የለውም። ቀን እስካለው ድረስ ወደ ስፋቱ የሚጠጋው ኢንዴክሱ ከ575 በታች ብዙ ርቆ ሲወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ስቶፕ ለስም ያህል ተቀምጧል እንጂ የሚያድነው ነገር የለም። ሲነቃ ከሙሉ ኪሳራው የሚተርፈው 20 ዶላር ነው። የተቀበላችሁት ከስፋቱ ሲሶ አካባቢ ከሆነ ወይ እጥፉን ወደ አንድ አውርዱ፣ ወይ ያለ ስቶፕ ገብታችሁ ሙሉ ኪሳራውን ከመጀመሪያው እንደጠፋ ቁጠሩት።

እግረ መንገዳችሁን ይህንንም ስሌት ሥሩ። 50 እያተረፍን 200 የምንከስር ከሆነ እኩል ለመውጣት ከመቶ 80 ጊዜ ማሸነፍ አለብን። 200ን ለ250 ማካፈል ነው። ኮሚሽን ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ኪሳራውን 100 ላይ ብንቆርጠው ከመቶ 67 ያህል ይበቃል፤ ግን ስቶፑ በጥቃቅን መዋዠቅም ቶሎ ቶሎ ይነቃል። ነጻ ምርጫ የለም።

ትዕዛዙን አስሩት

ስፕሬዱ እንደተሸጠ ሁለት የመዝጊያ ትዕዛዞችን በአንድ ላይ አስገቡ። OCO የሚባለው አንዱ ሲፈጸም ሌላውን የሚሰርዝ ማሰሪያ ነው።

```
BUY TO CLOSE 1 XSP 580/575 PUT
LIMIT 0.50  GTC
  -- OCO --
STOP  3.00  GTC
```

ለየብቻ ካስገባችኋቸው አደጋ አለ። የትርፉ ተፈጽሞ የስቶፑ ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። ከሳምንት በኋላ ገበያው ሲወርድ ያ የተረሳ ትዕዛዝ ይነቃና ያላሰባችሁትን ስፕሬድ ሊያስገዛችሁ ይችላል።

GTC እስክሰርዘው ይቆይ ማለት ነው። DAY የሚለው ግን በዕለቱ መዝጊያ ይሞታል። እኔ አንድ ጊዜ DAY ላይ ትቼው ሦስት ቀን ሙሉ ጥበቃ አለኝ ብዬ ተኝቻለሁ። ዕድለኛ ሆኜ ምንም አልተፈጠረም።

ትዕዛዙ ብሮከሩ ዘንድ መቀመጡን አረጋግጡ። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በሚሮጥ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ካዛንቺስ መብራት ሲጠፋ ሕጋችሁም አብሮ ይጠፋል።

ስቶፑ በምን ዋጋ እንደሚነቃ ምረጡ

ጠዋታቸው ላይ፣ ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ የገዢና የሻጭ ዋጋ በጣም ይራራቃል። ገዢው 0.60 ሲል ሻጩ 3.40 ሊል ይችላል። መካከለኛው 2.00 ነው፤ ስፕሬዱ ገና አልተበላሸም። ስቶፑ የሚያየው የሻጩን ዋጋ ከሆነ ግን 3.00ን አልፏል ብሎ ይነቃና በ3.40 ሊገዛ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር የምታውቁት የተፈጸመበትን ሰዓት ስታዩ ነው፤ 10፡30 ካለፈ አንድ ሁለት ደቂቃ ላይ ከሆነ ጠርጥሩ። መፍትሔው መነሻውን በመካከለኛው ዋጋ ማድረግ ነው። ብሮከሩ የሰዓት ገደብ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ስቶፑ ከተከፈተ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሥራ እንዲጀምር አድርጉ።

ስቶፕ ሊሚትም አለ፤ 3.00 ላይ ነቅቶ ከ3.30 በላይ አልገዛም የሚል። ገበያው ረጋ ሲል ጥሩ ነው። በፍጥነት ሲወርድ ግን ዋጋው ዘሎት ያልፍና ትዕዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል። ኪሳራው በስፋቱ ስለታጠረ እኔ ስቶፕ ሊሚቱን እመርጣለሁ። ሳይፈጸም ቢቀር የከፋው 400 ዶላር መሆኑን አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ስቶፑ ብዙውን ጊዜ አይነቃም። ገበያው በማግስቱ ወርዶ ከተከፈተ 3.00ን ሳይነካ በቀጥታ 4.00 ላይ ሊጀምር ይችላል። ይህን የትኛውም ትዕዛዝ አይከለክለውም።

ሲዘጋ መዝግቡ

ባለፈው አንዱ በስቶፕ ሲዘጋብኝ 3.00 ብዬ በ3.20 ተፈጸመ። 200 ያልኩት 220 ሆነ። ይህ ከተደጋገመ እኩል መውጫው ከ80 ወደ 81.5 ይወጣል። የልምምድ ሂሳብ ደግሞ አፈጻጸሙ ለጋስ ስለሆነ በእውነተኛ ገንዘብ ከዚህ ሊብስ ይችላል። አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት አምድ አለ፤ አንዱ ያዘዝኩት ዋጋ፣ አንዱ ያገኘሁት።