ሆቴል ለእድሳት ሲዘጋ ቋሚ ደንበኞችንና አጋሮችን እንዴት ማሳወቅ ይቻላል

ሆቴሉ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የያዝኩት ክፍል ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ነው። ስለ አዲሱ ምንጣፍና ስለ አዲሱ መታጠቢያ ቤት የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ መዘጋጀት አለበት። ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀውም እዚያ ላይ ነው።

1. ቀኖቹን ለይቶ መወሰን

«ከጥር 15 ጀምሮ ዝግ ነን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግልጽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጥር 14 ማታ ማደር ይቻላል? ጥር 15 ቁርስ አለ? አንዱ እንግዳ ይቻላል ብሎ ይመጣል፣ ሌላው አይቻልም ብሎ ይቀራል። መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ «የመጨረሻው የማደሪያ ሌሊት እሑድ ጥር 14 ነው፤ እንግዶች ሰኞ ጥር 15 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍል ያስረክባሉ።» የሳምንቱ ቀን መጨመሩ የቁጥር ስህተትን ቶሎ ያጋልጣል።

የሚከፈትበት ቀን ከዚህ ይከብዳል። ሥራ ተቋራጩ ሚያዝያ 15 አስረክባለሁ ካለ፣ ለእንግዳ የሚነገረው ያ ቀን መሆን የለበትም። ከርክክብ በኋላ ጽዳት፣ የዕቃ ዝርጋታ፣ የውሃና የመብራት ፍተሻ፣ ሠራተኛው ራሱ ክፍሎቹ ውስጥ አድሮ ጉድለት የሚለይባቸው ሌሊቶች አሉ። ለዚህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ቢጨመር እሑድ ግንቦት 6 ይሆናል፤ የሚከፈተው በማግስቱ ሰኞ ግንቦት 7 ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ግማሹን ክፍል ብቻ መሸጥ ይመከራል። የተነገረው ቀን አንዴ ከተገፋ ሁለተኛውን የሚያምን ጥቂት ነው።

2. መጀመሪያ ሽያጩን መዝጋት

ማንም ከመስማቱ በፊት የተዘጉት ሌሊቶች ከሽያጭ ይውጡ፤ ከራስ ድረ ገጽ፣ ከኦንላይን የጉዞ ወኪሎች፣ ከእንግዳ መቀበያው መዝገብም ጭምር። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ለአስጎብኚ ድርጅቶች በኮታ የተሰጠ ክፍል ነው፤ እነሱ ሳይጠይቁ መሸጥ ስለሚችሉ ድረ ገጹ ተዘግቶም ሽያጩ ይቀጥላል። ከተዘጋ በኋላ በሌላ ስልክ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ፣ በተዘጋው ጊዜ መሃል አንድ ሌሊት ለመያዝ መሞከር ነው። ክፍል ከተገኘ አንድ በር ክፍት ቀርቷል ማለት ነው።

3. የተያዙትን መለየት

አርባ ክፍል ያለው ሆቴል በእነዚያ ወራት 46 የተያዙ ቦታዎች አሉት እንበል። 27ቱ በቀጥታ ደውለው ወይም ጽፈው የያዙ ናቸው፤ 14ቱ በኦንላይን ወኪል የመጡ፣ 3ቱ ቡድኖች፣ 2ቱ ደግሞ ሠራተኞቻቸውን ለረጅም ጊዜ የሚያሳድሩ ኩባንያዎች። ለሁሉም አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ትልቁ ስህተት ነው።

ከቡድኖቹና ከኩባንያዎቹ መጀመር ይገባል፤ ሌላ ቦታ ለማግኘት ረጅም ጊዜ የሚፈልጉት እነሱ ናቸውና። ሃያ ክፍል የያዘ ሠርግ በስድስት ሳምንት ማስታወቂያ ሌላ ቦታ አያገኝም። ሃያ ሰው ያለው ቡድን ከስድስት ወር በፊት፣ የውል ደንበኛ ኩባንያ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይወቅ። በስልክ ይነገራቸው፤ ጽሑፉ በዚያው ቀን ይከተል።

በኦንላይን ወኪል የያዙት ዘንድ አንድ ወጥመድ አለ። እንግዳውን «እባክዎ ራስዎ ይሰርዙት» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የያዘው ተመላሽ በሌለው ዋጋ ከሆነ፣ ራሱ ሲሰርዝ ገንዘቡ ሊቀር ይችላል፤ ቅሬታውም በሆቴሉ ስም ይጻፋል። ትክክለኛው መንገድ ወኪሉን አስቀድሞ አነጋግሮ ስረዛው በሆቴሉ ምክንያት እንደሆነ ማስመዝገብ ነው። ብዙዎቹ ውሎች ሆቴሉ ተመጣጣኝ ቦታ እንዲያፈላልግና የዋጋ ልዩነቱን እንዲሸፍን ስለሚያስገድዱ ውሉን ሳያነቡ መደወል አይገባም።

4. አማራጩን እጅ ውስጥ ማስገባት

«በአካባቢው ሌሎች ጥሩ ሆቴሎች አሉ» ማለት አማራጭ መስጠት አይደለም። አማራጭ የሚባለው ስም፣ ዋጋ፣ የሚደወልበት ሰውና የተያዘ የክፍል ብዛት ያለው ነው። ሁለት ሆቴሎች በቂ ናቸው፤ አንዱ በደረጃ የሚመሳሰል፣ ሌላው በቦታ የሚቀርብ። ከእነሱ ጋር በጽሑፍ ሊሰፍሩ የሚገቡ ነጥቦች የዋጋው መጠን፣ ልዩነት ካለ ማን እንደሚከፍልና እስከ መቼ እንደሚጸና ናቸው። ልዩነቱን የሚዘጋው ሆቴል የሚሸፍን ከሆነ ደረሰኙ በቀጥታ ለእሱ ይላክ፤ እንግዳው ከፍሎ ካሳ እንዲጠይቅ አይደረግ። የቋሚ ደንበኞች ዝርዝር ግን ለዚያ ሆቴል አይሰጥም። እንግዳው ሲስማማ የእሱ ስም ብቻ ይተላለፋል።

5. ሠራተኛው ከእንግዳው በፊት ይስማ

ደብዳቤው ጠዋት ከተላከ ስልኩ ከሰዓት በፊት መጮህ ይጀምራል። እንግዳ መቀበያው፣ የምሽት ጥበቃውና አስተናጋጁ ሁለት ቀን ቀደም ብለው አንድ ገጽ ጥያቄና መልስ ይያዙ። «ልትሸጡት ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ለእሱም መልስ ይጻፍ።

6. ለቋሚ ደንበኞች መጻፍ

ምንም ያልያዙ፣ ግን ዘወትር የሚመጡ ሰዎች ከመዘጋቱ ስድስት ሳምንት በፊት ይነገራቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ አጭር ማስታወሻ ይላክላቸው። በኢሜይል ከሆነ አድራሻቸው በ Bcc ይግባ፤ ካልሆነ የደንበኛ ዝርዝሩ ለሁሉም ይበተናል። ጽሑፉ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

> ክቡር/ክብርት ደንበኛችን፣
> ሆቴላችን ለእድሳት ይዘጋል። የመጨረሻው የማደሪያ ሌሊት እሑድ ጥር 14 ሲሆን፣ እንግዶች መቀበል የምንጀምረው ሰኞ ግንቦት 7 ነው። የከፈሉት ቅድመ ክፍያ ካለ፣ እንደ ምርጫዎ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይም ለሌላ ቀን ይዛወራል። የስጦታ ኩፖንዎ የአገልግሎት ጊዜ በአራት ወር ተራዝሟል። በዚህ መሃል ማረፊያ ካስፈለገዎት በዚህ ስልክ ይደውሉልን፤ በተስማማንበት ዋጋ ክፍል እንይዝልዎታለን።

የሚያረጋጋው ነገር ገንዘብ፣ ቀንና ስልክ ነው። «እንደ ቤትዎ ይሰማዎታል» የሚሉ ሐረጎች ቢቀሩ ይሻላል። በእርግጠኝነት ያልታወቀም ቃል አይገባ። ሁልጊዜ 12 ቁጥር ክፍል የሚጠይቅ እንግዳ ካለና ያ ክፍል ፈርሶ ከጎኑ ካለው ጋር የሚቀላቀል ከሆነ፣ ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ከሚደርስበት አሁን ይነገረው።

7. በዝግ ወራት ስልኩ እንዲሠራ ማድረግ

በግንባታ ጊዜ መጀመሪያ የሚቋረጠው ብዙውን ጊዜ የእንግዳ መቀበያው መስመር ነው፤ ገመዱ የሚያልፈው በሚፈርሰው ግድግዳ ውስጥ ነውና። ቁጥሩ ከጥር 15 በፊት ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዛወር፤ አንድ ሰው በስም ይመደብበት። በካርታ ላይ ያለው ገጽ «ለጊዜው ተዘግቷል» ተብሎ ይስተካከል፤ «እስከመጨረሻው» የሚለው በስህተት እንዳይነካ ሁለቴ ይታይ።

ሥራው ከዘገየ ደግሞ፣ ከግንቦት 7 በኋላ የያዙት ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት፣ በድጋሚ በስልክ፣ ከቡድኖቹ ተጀምሮ ይነገራቸው። ለዚህ ሲባል በየሳምንቱ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ቀኑ ይፈተሽ። ሚያዝያ መግቢያ ላይ መታጠቢያ ቤቶቹ ውስጥ ገና ቧንቧ እየተዘረጋ ከሆነ የግንቦቱ ቀን አይደረስበትም፤ ስልኩ ያኔውኑ ይነሳ።