ሽሮ ገንፍሎ የደፈነውን የጋዝ ምድጃ እንዴት እናጸዳለን?

ሽሮ ሲገነፍል አብዛኞቻችን ከላይ የሚታየውን በጨርቅ ጠርገን እናልፋለን። ወደ እሳት ማውጫ ቀዳዳዎቹ የገባው ግን እዚያው ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እሳቱ በአንድ ወገን ብቻ ይነድዳል፣ ድስቱም በአንድ በኩል ያርራል። ሌላም ምልክት አለ። ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ የድስቱ ቂጥም ጥቀርሻ ይይዛል። ይህ ጋዙ በቂ አየር አግኝቶ እየነደደ እንዳልሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለ እሳት ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በተለይ ጠባብና መስኮት የተዘጋበት ኩሽና ውስጥ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ምድጃውን አጥፉ፣ ሲሊንደሩንም ዝጉ። በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የድስት ማስቀመጫውን ብረት፣ የበርነሩን ክዳንና ዙሪያውን ቀዳዳ ያለበትን ራስ አንሱ። በብዙ ምድጃዎች ላይ ያለ መፍቻ ይነሳሉ። ራሱ ከተነሳ በኋላ መሃል ላይ ጋዙ የሚወጣበት በጣም ትንሽ ቀዳዳ ያላት ናስ ትታያለች። ኖዝል የምትባለው እሷ ናት። ሥራው እስኪያልቅ ሲኒ ድፉባት፤ ፍርፋሪም ውሃም እንዳይገባባት።

አሁን ራሱንና ክዳኑን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ። ሽሮ የደረቀው ገና ሳያር ከሆነ ውሃ መልሶ ያለሰልሰዋል። የከሰለው ግን በውሃ ብቻ አይለቅም። ለዚህ ነው ድስት በገነፈለ ቁጥር ቶሎ ማጥፋት የሚሻለው። በላዩ ላይ ማብሰል ከቀጠላችሁ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ወደ ከሰል ይለወጣል። በረኪናና የኦቨን ማጽጃ እዚህ ቦታ የላቸውም። ራሱ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ያጠቁሩታል፣ ይበሉታልም። አቼቶ ውስጥ ማሳደርም እንዲሁ ነው።

ዋናው ሥራ ቀዳዳዎቹን መክፈት ነው። ስቴኪኒ አትጠቀሙ። እንጨቱ ሲርስ ቀዳዳው ውስጥ ይሰበራል፣ የተሰበረውን ማውጣት ደግሞ ከሽሮው ይብሳል። እኔ የምመርጠው ቀጭን የልብስ መርፌ ወይም የተዘረጋ አግራፍ ነው። መርፌው ያለግፊት መግባት አለበት፤ ካልገባ ቀጠን ያለ ፈልጉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ብረት ነውና በኃይል ከጎረጎራችሁት ቀዳዳው ይሰፋል። የሰፋ ቀዳዳ የሚያወጣው ነበልባል ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አይተካከልም፣ መልሶ ማጥበብም አይቻልም።

ከአንድ ቀዳዳ ጀምራችሁ ዙሩን በቅደም ተከተል ሂዱ፣ አለበለዚያ የት እንደደረሳችሁ ይጠፋባችኋል። መርፌውን አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። የለቀቀው ወደ ውስጥ ስለሚወድቅ በየመሃሉ ራሱን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት። ከዋናዎቹ ቀዳዳዎች ሥር በጣም ቀጭን ስንጥቅ ያላቸው በርነሮች አሉ። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ እሳቱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ግን እሱ ነው። በተለይ ከእሳት መለኮሻዋ ነጭ ሸክላ ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ አስተውሉ። እሱ ከተደፈነ ቶሎ አይለኮስም። ጋዙ ተጠራቅሞ ድንገት ቡፍ ብሎ ይነሳል፣ ቅንድብም የሚለበልበው ያኔ ነው።

ሲያልቅ በጥርስ ብሩሽ አሹት፣ አለቅልቁት፣ ወደ ብርሃን ይዛችሁም አሻግራችሁ ተመልከቱ። ብርሃን የማያሳልፍ ቀዳዳ ገና አልተከፈተም፤ ተመለሱበት።

ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ውሃ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ከቀረ እሳቱ ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። እኔ ፎጣ ላይ ደፍቼ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። ስትመልሱት ራሱ ከሥሩ ካለው ጎድጎድ ጋር ይግጠም፣ ክዳኑም አይወዛወዝ። ያዘነበለ ክዳን የተደፈነ ቀዳዳ ይመስላል፤ ሰዎች በከንቱ ድጋሚ ይፈቱታል።

ሲሊንደሩን ክፈቱና ለኩሱ። እሳቱ ዙሪያውን እኩል፣ ሰማያዊና ጸጥ ያለ ከሆነ ሥራው አልቋል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ብርሃን እያሳለፉ እሳቱ ዙሪያውን ደካማ ከሆነ ግን፣ ሲሊንደሩ እያለቀ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ካልሆነ ችግሩ ኖዝሏ ላይ ሳይሆን አይቀርም። እሷን በመርፌ አትንኳት። ቀዳዳዋ በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ የሚወጣው ጋዝ መጠን ይዛባል፣ እሳቱም ቢጫና ትልቅ ይሆናል። ባለሙያ ፈትቶ ያጽዳት ወይም በአዲስ ይቀይራት።