ፊቱ ሳይጠፋ ስታይሉን ለመቀየር
የእናቴን ፎቶ በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስታይል ልሠራላት ብዬ ስቴብል ዲፊውዥን በሚባለው ምስል የሚፈጥር AI ላይ፣ ፎቶን ወደ ሌላ ምስል በሚቀይረው img2img ውስጥ አስገባሁት። Denoising strength 0.75 ላይ ነበር። የወጣው ሥዕል ያምራል፤ ሴትየዋን ግን አላውቃትም።

ይህ ቁጥር ፎቶው ላይ ምን ያህል ኖይዝ፣ ማለትም የዘፈቀደ ነጠብጣብ፣ እንደሚጨመር ይወስናል። ሲበዛ የፊቱ ቅርጽ ራሱ ይሰወራል፤ ሞዴሉም ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል። ሲያንስ ደግሞ ቀለሙን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኖይዙ እንዴት እንደሚበተን የሚወስነውን Seed የሚለውን አትቀያይሩት፤ አንድ ቁጥር ስጡት። ከዚያ Denoising strengthን ከ0.35 ተነስታችሁ በ0.05 እየጨመራችሁ እስከ 0.6 አውጡና ጎን ለጎን ደርድሩ። እኔ ጋ 0.45 ላይ ወፍራሙ ጥቁር መስመር መጣ፤ እናቴም እናቴ ነበረች። 0.55 ላይ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አገጯ ሾጠጠ። ስታይሉ ራሱ ትልልቅ ዓይን ይወዳል፣ ምን ይደረግ! ስታወዳድሩ ልብሱ አያታላችሁ፤ ዓይንና አገጩን እዩ።

ፊቱ በፎቶው ውስጥ ትንሽ ከሆነ ግን 0.4ም ያበላሸዋል። ሞዴሉ የሚሠራው በየጎኑ 8 ጊዜ ባነሰ ምስል ላይ ነው። 64 ፒክስል ስፋት ላለው ፊት በስፋቱ የሚደርሰው 8 ነጥብ ብቻ ነው። ያኔ ቁጥሩን ከመቀነስ ፎቶውን ፊቱ አካባቢ ቆርጣችሁ አሳድጉት።